ሦስት መልስ ለአንድ ሒሳብ፦ 100,000 ብር ከ5 ዓመት በኋላ

«100,000 ብር አንድ ጊዜ አስገብቼ 5 ዓመት ሳልነካው ላስቀምጠው ነው። ወለዱ በዓመት 9 በመቶ ሆኖ በየወሩ ይታሰባል ተብያለሁ። እኔ ሳሰላው 145,000 መጣ። ጓደኛዬ የለም፣ 153,862 ነው አለኝ። ስልኬ ላይ ያለው ማስያ ደግሞ 156,568 ይላል። ማንን ልመን? ደግሞስ መጨረሻ ላይ 160,000 እንዲሆንልኝ ብፈልግ አሁን ስንት ልጨምርበት?»

ሦስታችሁም ማባዛትና መደመሩን አልሳታችሁም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ያሰላችሁት ሦስት የተለያየ ውል ነው። ባንኩ ወለዱን በስንት ጊዜው ሒሳብዎ ውስጥ ያስገባል? የገባው ወለድስ ከዋናው ጋር ተደምሮ እሱም በተራው ወለድ ይወልዳል ወይ? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ሲለያይ ድምሩም ይለያያል። የነገሩዎት ነገር «በዓመት 9 በመቶ፣ በየወሩ ከዋናው ጋር እየተደመረ» ከሆነ የስልክዎ ማስያ ልክ ነው። 156,568 ብር ከ10 ሳንቲም ይመጣል።

ግን «ከሆነ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አብረን እንየው።

9 በመቶ የዓመት ነው እንጂ የወር አይደለም። ስለዚህ ለ12 ይካፈላል፤ በወር 0.75 በመቶ ይሆናል። በአስርዮሽ ሲጻፍ 0.0075 ነው። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ 100,000 በ0.0075 ይባዛና 750 ብር ወለድ ይገባል። ሒሳብዎ አሁን 100,750 ሆነ። ሁለተኛው ወር የሚያሰላው በ100,000 ላይ ሳይሆን በዚህ በ100,750 ላይ ነው። ስለዚህ ወለዱ 755.63 ይሆናል። ያቺ የ5 ብር ከ63 ሳንቲም ጭማሪ የመጣችው የመጀመሪያው ወር 750 ብር ራሱ ወለድ ስለወለደ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ሒሳቡ 101,505.63 ስለሆነ ወለዱ 761.29 ይመጣል። የወለድ ወለድ የሚባለው ነገር በቃ ይኸው ነው። ሌላ የተደበቀ ምስጢር የለውም።

በየወሩ የሚደረገው ነገር አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ ይበሉ። ያለው ገንዘብ በ1.0075 ይባዛል። በ5 ዓመት ውስጥ 60 ወር አለ፤ ስለዚህ ማባዛቱ 60 ጊዜ ይደገማል። ኮምፒውተር ላይ ባለ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከሆነ ይህን አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል፦

```
=100000*(1+0.09/12)^(12*5)
```

ፕሮግራም ከሌለዎት ተራ ማስያም ይሠራል። 1.0075ን 12 ጊዜ ደጋግመው ሲያባዙት 1.0938069 ያገኛሉ። ይህ የአንድ ሙሉ ዓመት ማባዣ ነው። እሱን ደግሞ 5 ጊዜ ደጋግመው ያባዙት፤ 1.565681 ይመጣል። 100,000ን በዚህ ማባዛት ነው የቀረው። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው 60 ጊዜ ቁልፍ ሲጫን አይደናገርም።

እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳትባቸውን ሁለት ቦታዎች ልጠቁም። አንደኛው፣ ወለዱን በወር አድርጎ ጊዜውን በዓመት መተው ነው። 1.0075ን 5 ጊዜ ብቻ ካባዙት 103,806.67 ይመጣል። ይህ የ5 ዓመት ሳይሆን የ5 ወር ውጤት ነው። ወለዱ በወር ከተሰላ ጊዜውም በወር መቆጠር አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ቶሎ የማይታይ ነው፤ ቁጥርን ቀድሞ መቁረጥ። የእርስዎ 9 በመቶ ለ12 ሲካፈል ልክ 0.75 ስለሚመጣ ችግር የለም። ወለዱ 7 በመቶ ቢሆን ግን ለ12 ሲካፈል 0.58333 እያለ አያልቅም። ሰው ይሰለቸውና 0.58 ብሎ ይቆርጠዋል። ቀላል ነገር ይመስላል። ከ5 ዓመት በኋላ ግን 141,762.53 መሆን የነበረበት 141,480.92 ይሆናል። ስህተቱ 60 ጊዜ ስለተባዛ 281 ብር ከ61 ሳንቲም ጎደለ። ማጠጋጋቱን ለመጨረሻው ድምር ይተዉት።

አሁን ሦስቱን መልሶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

የእርስዎ 145,000 በዓመት 9,000፣ በ5 ዓመት 45,000 ከሚል ሒሳብ የመጣ ነው። ነጠላ ወለድ ይባላል። ወለዱ መቼም ከዋናው ጋር አይደመርም። ይህ እንዲያው የተሳሳተ ሒሳብ አይምሰልዎት፤ በእውነት የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ባንኩ ወለዱን በየወሩ ወደ ሌላ ሒሳብ የሚያዞርልዎ ከሆነ፣ ወይም እርስዎ 750 ብሩን በየወሩ እያወጡ የሚጠቀሙበት ከሆነ፣ በ5 ዓመት የሚያገኙት ወለድ ልክ 45,000 ነው። ዋናው 100,000 እንዳለ ይቆያል።

የጓደኛዎ 153,862 ደግሞ 100,000ን በ1.09 አምስት ጊዜ ከማባዛት የመጣ ነው። ወለዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ ከዋናው ጋር ሲደመር እንዲህ ይሆናል። ሙሉ ቁጥሩ 153,862.40 ነው።

ማስያው የሰጠዎት 156,568.10 በየወሩ የሚደመረው ነው። ውስጡን ሲከፍቱት ጥሩ ነገር ያሳያል። ጠቅላላ ወለዱ 56,568.10 ነው። ከዚህ ውስጥ 45,000 የወለደው የመጀመሪያው 100,000 ብር ነው። የተቀረውን 11,568.10 ያመጣው ወለዱ ራሱ ነው። ገንዘቡን ሳይነኩ በመተውዎ ብቻ ያገኙት ክፍል ይኸ ነው።

ይህ ገንዘብ ግን በአምስቱም ዓመት እኩል አይመጣም። በመጀመሪያው ዓመት የሚገባው ወለድ 9,380.69 ነው። ከነጠላው ወለድ የሚበልጠው በ380 ብር ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ይህ ነው እንዴ ያ ሁሉ የተወራለት?» ይልና ልቡ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው ዓመት 10,260.66 ያስገባል፤ ሦስተኛው 11,223.19፤ አራተኛው 12,275.99፤ አምስተኛው 13,427.57። በ60ኛው ወር ብቻ የሚገባው ወለድ 1,165.52 ነው። የመጀመሪያው ወር 750 እንደነበር ያስታውሱ። ወለዱ ያው 9 በመቶ ነው፤ ያደገው የሚሰላበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ በ4ኛው ዓመት ላይ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው የሚያጣው ትልቁን ዓመት ነው።

በዚያው ስለ ማውጣት አንድ ነገር ልበል፤ ሰው በደንብ ሳያየው የሚያልፈው ስለሆነ። ሁለት ዓመት እንደሞላ ችግር ገጠመዎትና 20,000 ብር አወጡ እንበል። መጨረሻ ላይ የሚጎድለው 20,000 አይደለም። ያ 20,000 በቀሩት ሦስት ዓመታት 1.308645 ጊዜ ይባዛ ነበር። ስለዚህ የሚጎድልዎ 26,172.91 ነው፤ በ5ኛው ዓመት የሚያገኙት 130,395.19 ይሆናል። ማውጣት አይቻልም ማለቴ አይደለም። ችግር ሲመጣ ይወጣል። ግን ዋጋውን ለማወቅ የሚባዛው የወጣው ገንዘብ በቀረው ጊዜ ማባዣ ነው።

አሁን ወደ መደመሪያው ጊዜ ልምጣ፤ «በየወሩ» የሚለው ቃል ሲነገር ሰው ብዙ ይጠብቃል። በእውነቱ ምን ያህል ነው? በዓመት አንዴ ከሚደመረው በ5 ዓመት የሚበልጠው 2,705.70 ብር ነው። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ግን ሕይወት የሚቀይር አይደለም። «በየወሩ እንዲህ ከጨመረ በየቀኑ ቢሆንማ!» ብለው ካሰቡ ደግሞ ልንገርዎት። በየቀኑ ቢደመር ድምሩ 156,822.52 ነው። ከወርኃዊው የሚበልጠው በ254 ብር ከ42 ሳንቲም ብቻ ነው። በየሰከንዱ፣ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ያለማቋረጥ ቢደመር እንኳ 156,831.22ን አያልፍም። ጣሪያ አለው።

ይህን ጣሪያ ያየው የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ያኮብ በርኑሊ ነው፤ ጊዜውም 1683 አካባቢ ነበር። የተነሳበት ጥያቄም ልክ እንደ እርስዎ የወለድ ጥያቄ ነበር። አንድ ብር በዓመት 100 በመቶ ወለድ ቢያገኝ፣ በዓመት አንዴ ሲደመር 2 ይሆናል። በየወሩ ሲደመር 2.61 ይደርሳል። የመደመሪያውን ጊዜ የፈለጉትን ያህል ቢያሳጥሩት ግን ከ2.7183 አያልፍም። ዛሬ በሒሳብ ትምህርት ውስጥ e ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይኸው ነው። የባንክ ማስታወቂያ «በየቀኑ» የሚለውን ቃል አድምቆ ሲጽፍ ይህን ጣሪያ ማስታወስ ጥሩ ነው።

ስለዚህ ሁለት ባንክ ሲያወዳድሩ የመደመሪያው ጊዜ ብቻውን አያታልልዎት። አንዱ 9 በመቶ በየወሩ፣ ሌላው 9.4 በመቶ በዓመት አንዴ ይከፍላል እንበል። የቱ ይሻላል? የመጀመሪያውን ወደ አንድ ዓመት ያምጡት። 1.0075 አሥራ ሁለት ጊዜ ተባዝቶ 1.0938 ስለሆነ፣ በየወሩ የሚደመር 9 በመቶ በዓመት አንዴ ከሚደመር 9.38 በመቶ ጋር እኩል ነው። 9.38 ከ9.4 ያንሳል። ሁለተኛው በ5 ዓመት 156,706.36 ያደርሳል፤ ከመጀመሪያው በ138 ብር ይበልጣል። የተጻፈውን ወለድ ትቶ እውነተኛውን ዓመታዊ ወለድ ማወዳደር ማለት ይኸ ነው። የሠንጠረዥ ፕሮግራም ካለዎት እንዲህ ብለው ይጠይቁት፤ 0.0938 ይመልስልዎታል፦

```
=EFFECT(9%,12)
```

እስካሁን ያየነው በወረቀት ላይ ነው። አሁን «ከሆነ» ወዳልኩት ልመለስ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። «በየወሩ ይታሰባል» ተብለዋል። ወለድ በየወሩ ሊሰላ ይችላል፤ ሒሳብዎ ውስጥ ግን በየወሩ ላይገባ ይችላል። ባንኩ የየወሩን ወለድ አስልቶ ለብቻው ይይዝና በስድስት ወር ወይም በዓመት አንዴ ጠቅልሎ ሊያስገባው ይችላል። እስኪገባ ድረስ ያ ወለድ ወለድ አይወልድም። በስድስት ወር አንዴ ከገባ የ5 ዓመቱ ድምር 155,296.94 ነው። በዓመት አንዴ ከገባ የጓደኛዎ 153,862.40 ነው። ስለዚህ ባንክ ሄደው የሚጠይቁት «በየወሩ ይታሰባል?» ብለው አይሁን። «ወለዱ ሒሳቤ ውስጥ የሚገባው መቼ መቼ ነው? ከገባ በኋላስ ወለድ ያስገኛል?» ይበሉ።

ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ የተነገረዎት 9 በመቶ ራሱ እውነተኛው ዓመታዊ ወለድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወርኃዊው ወለድ 9 ለ12 ተካፍሎ የሚገኘው አይደለም። 12 ጊዜ ሲባዛ ልክ 1.09 የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ እሱም 0.72073 በመቶ ነው። ወለዱ በየወሩ ይገባል፣ በየወሩም ይደመራል፤ ግን ከ5 ዓመት በኋላ የሚያገኙት 153,862.40 ነው። ጓደኛዎ በዚህ መንገድም ልክ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ደግነቱ ይህን ለማወቅ 5 ዓመት መጠበቅ የለብዎትም። ሦስት ወር ይበቃል። ገንዘቡን ካስገቡ በኋላ የሦስት ወር ስቴትመንት ያውጡና ወለድ የገባባቸውን መስመሮች ብቻ ያንብቡ። 750.00፣ ቀጥሎ 755.63፣ ቀጥሎ 761.29 ካዩ የማስያው መንገድ ነው፤ ይተኙ። 750.00 ሦስቴ ተደጋግሞ ካዩ ወለዱ እየገባ ነው፤ ግን ወለድ አይወልድም። የመጀመሪያው ወለድ 720.73 ከሆነ የተነገረዎት 9 በመቶ እውነተኛው ዓመታዊ ወለድ ነው። ምንም ዓይነት የወለድ መስመር ከሌለ ደግሞ አይደንግጡ፤ ወለዱ በስድስት ወር ወይም በዓመት የሚገባ ሊሆን ይችላል። በስድስተኛው ወር 4,500 ገደማ፣ ወይም በዓመቱ 9,000 ይጠብቁ።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ወሩ ሁሉ እኩል ነው ብለን ስላሰብን የመጡ ናቸው። ብዙ ባንክ ቀን ይቆጥራል። የዓመቱን 9 በመቶ ለ365 ያካፍልና በወሩ ቀናት ብዛት ያባዛዋል። 31 ቀን ባለው ወር የመጀመሪያው ወለድ 764.38 ይሆናል። ቀጣዩ ወር 28 ቀን ብቻ ካለው ወለዱ 695.69 ይሆናል፤ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ አድጎ እያለ። ይህን ያላወቀ ሰው «ወለዴን ቆረጡብኝ» ብሎ ይሄዳል። ማንም አልቆረጠበትም፤ ወሩ ነው ያጠረው።

እንዲህ ሲሆን ማጣሪያው ቀላል ነው። የገባውን ወለድ ከመግባቱ በፊት በነበረው ገንዘብ ያካፍሉት። ውጤቱን በወሩ ቀናት ያካፍሉት። ከዚያ በ365 ያባዙት። በምሳሌያችን 695.69 ለ100,764.38፣ ከዚያ ለ28 ተካፍሎ በ365 ሲባዛ 0.09 ይመጣል። ትክክል ነው ማለት ነው። ከ9 በመቶ ትንሽ ከፍ ብሎ ካገኙት ባንኩ ዓመቱን በ360 ቀን የሚቆጥር ይሆናል፤ ያኔ የ31 ቀኑ ወለድ 775 ብር ነበር የሚሆነው፤ ይህ ለእርስዎ ይጠቅማል። ዝቅ ብሎ ካገኙት ግን ሄደው ይጠይቁ። ምናልባት ወለዱ ተቀይሮ ይሆናል። የቁጠባ ወለድ ባንኩ ሊቀይረው የሚችልበት ውል ብዙ ነው። ከተቀየረ ሒሳቡ አይበላሽም፤ በሁለት ይከፈላል እንጂ። እስከ ለውጡ ያለውን ጊዜ በቀድሞው ወለድ ያሰሉና የደረሰበትን ድምር እንደ አዲስ ዋና ገንዘብ ይዘው በአዲሱ ወለድ ይቀጥላሉ።

ሌላው ዝቅ የሚያደርገው ምክንያት ግብር ነው። ስለ እሱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ወለድ ላይ ግብር የሚቆረጥበት አገር ብዙ ነው። መጠኑ ይለያያል፤ እኔ ለምሳሌ ያህል 10 በመቶ ልውሰድ። ብዙ ሰው «እንግዲያው ከ56,568.10 ላይ 10 በመቶ ልቀንስ» ይልና 150,911.29 ይቀረኛል ብሎ ያስባል። ይህ የሚሠራው ግብሩ መጨረሻ ላይ አንዴ የሚቆረጥ ከሆነ ብቻ ነው። ወለዱ በገባ ቁጥር እዚያው የሚቆረጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ወር 750 ገባ፣ 75 ተቆረጠ፣ 675 ቀረ። ሁለተኛው ወር የሚሰላው በ100,675 ላይ ነው። የተቆረጠችው 75 ብር ብቻ ሳትሆን እሷ ልትወልደው የነበረው ወለድም አብሮ ሄደ። ይህ በየወሩ ይደገማል።

ሲሰላ ወርኃዊው ወለድ ከ0.75 ወደ 0.675 በመቶ ይወርዳል። 1.00675 ስልሳ ጊዜ ሲባዛ 1.497264 ነው፤ እጅዎ ላይ የሚገባው 149,726.37 ይሆናል። ግብሩ ያው 10 በመቶ ሆኖ የሚቆረጥበት ጊዜ ስለተለየ ብቻ 1,184.92 ብር ልዩነት መጣ። ስቴትመንቱ ላይ ይህን ማየት ይቻላል። ከወለዱ መስመር አጠገብ ወይም ቀጥሎ ትንሽ ተቀናሽ ካለ፣ እሱ በየወሩ የሚቆረጠው ግብር ነው። አንዳንድ ስቴትመንት ደግሞ የተጣራውን ብቻ ያሳያል፤ ያኔ ከ750 ይልቅ 675 ያያሉ። በእርስዎ አገር ስንት በመቶ እንደሆነና መቼ እንደሚቆረጥ ጠይቀው በእኔ 10 ቦታ የራስዎን ቁጥር ያስገቡ።

አሁን የ160,000ው ጥያቄ ቀረ። ይህ የመጀመሪያው ሒሳብ ወደኋላ ሲሄድ ነው። ወደፊት ስንሄድ አባዛን፤ ወደኋላ ስንመለስ እናካፍላለን። 160,000ን ለ1.565681 ሲያካፍሉ 102,191.95 ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ 2,191 ብር ከ95 ሳንቲም ቢጨምሩ ይበቃል። ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው 160,000 ሲቀነስ 156,568.10 ብሎ 3,431.90 ሲጨምር ነው። ያ ገንዘብ 5 ዓመት ሙሉ አብሮ እንደሚያድግ ይረሳል።

ግን 2,191.95 የሚበቃው ወለዱ በእርግጥ በየወሩ የሚደመርና ግብር የማይቆረጥበት ከሆነ ነው። ወለዱ በዓመት አንዴ የሚገባ ሆኖ ከተገኘ የሚካፈለው ለ1.538624 ነው፤ መነሻው 103,989.02 ይሆናል። በየወሩ ተደምሮ 10 በመቶ ግብር እዚያው የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ለ1.497264 ይካፈላል፤ ያኔ የሚያስፈልግዎ 106,861.60 ነው። ከ2,192 እስከ 6,862 ድረስ ትልቅ ርቀት አለ። ስለዚህ ጭማሪውን ከመወሰንዎ በፊት ሁለቱን ነገሮች ይጠይቁ፤ ወለዱ መቼ እንደሚገባና ግብሩ መቼ እንደሚቆረጥ። አሁኑኑ ማስገባት ካለብዎት 100,000ውን ያስገቡና የመጀመሪያዎቹን ሦስት የወለድ መስመሮች ይጠብቁ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ላይ ጭማሪውን ሲያስገቡ የቀረው ጊዜ 57 ወር ስለሆነ፣ ማካፈሉን በ60 ሳይሆን በ57 ወር ማባዣ ያድርጉት፦

```
=160000/(1+0.09/12)^57
```

ከሚመጣው ቁጥር ላይ በዚያን ቀን ሒሳብዎ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ይቀንሱ። የቀረው የሚጨምሩት ነው። ግብር ካለ 0.09/12 በሚለው ቦታ ስቴትመንቱ ላይ ያገኙትን የተጣራ ወርኃዊ ወለድ ይጻፉ፤ በምሳሌያችን 0.00675 ነው።